«10 ጉድጓድ ተቆፈረ» ውጤት ነው ወይስ ለውጥ?

የአንድ ፕሮጀክት የውጤት ሰንሰለት ግብዓት፣ ተግባር፣ ውጤት፣ ለውጥ፣ ዘላቂ ፋይዳ ብሎ ይወጣል። ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው በውጤትና በለውጥ መካከል ነው።

በመንዝ አንድ ወረዳ በእጅ የሚሠሩ 10 የውኃ ፓምፖች ይተከላሉ እንበል። በጀቱና ባለሙያው ግብዓት፣ ቁፋሮው ተግባር፣ ውኃ የሚሰጡት ፓምፖች ውጤት ናቸው። ለውጡ ግን ሰዎች ከምንጭ መቅዳት ትተው ከፓምፑ መቅዳታቸው ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ፕሮግራሙ በራሱ በጀት ሊጨርሰው ከቻለ ውጤት ነው፤ የሰው አጠቃቀም ካስፈለገው ለውጥ ነው።

ታዲያ «የተሻሻለ የውኃ አቅርቦት» መለኪያ የሚሆን አመልካች አይደለም፤ ምን እንደሚቆጠር አይናገርም። «በቀን ለአንድ ሰው 25 ሊትር ንጹሕ ውኃ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚያገኙ ቤተሰቦች በመቶኛ» ግን ይቆጠራል። መነሻው 30፣ ዒላማው 70 ከሆነ እነዚህ ቁጥሮች ለየብቻ ይጻፉ፤ አመልካቹ ውስጥ «ይጨምራል» የሚል ቃል አይግባ።

የፕሮጀክቱን ዕቅድ በአንድ ገጽ የሚያሳየው የሎጂካል ፍሬምወርክ ሠንጠረዥ አራት ዓምዶች አሉት፦ የዓላማ መግለጫ፣ አመልካች፣ የማረጋገጫ ምንጭ፣ ታሳቢ። ረድፎቹ የሰንሰለቱ ደረጃዎች ስለሆኑ ከታች ወደ ላይ ይነበባል፦ ፓምፑ ከተተከለና ታሳቢው ከተሟላ ሰው ይቀዳል። እዚህ ታሳቢው መለዋወጫ በገበያ መገኘቱ ነው። ብዙዎች ይህን ዓምድ ባዶ ይተዉታል፤ በሁለተኛው ዓመት ፓምፑ ሲቆም ግን የመጀመሪያው ማብራሪያ የሚፈለገው እዚያ ነው። ማረጋገጫውም የርክክብ ሰነድ ብቻ ከሆነ የሚያሳየው መተከሉን ነው፤ ለአጠቃቀሙ የቤት ለቤት ናሙና ቆጠራ ያስፈልጋል።