ቫሪዬሽን ምንድን ነው? «አብሽር፣ እንተሳሰባለን» ከተባለ በኋላ የሚጻፍ መልእክት

ግንባታ ላይ የዋለ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። በውሉ ያልነበረ ሥራ ሲታዘዝ ወይም የነበረው ሲቀየር፣ ዋጋው ለብቻው ተተምኖ የሚፈረምበት ለውጥ ቫሪዬሽን ይባላል። ዲዛይን በግሉ እየተቀበለ የሚሠራ ሰው ግን የሚያስፈርመው ወረቀት የለውም፤ ያለው ቴሌግራም ነው።

ደሴ ያለ አንድ የግራፊክስ ባለሙያ እናስብ። ኮምቦልቻ ካሉ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ጋር ሎጎ፣ ቢዝነስ ካርድና ታፔላ ከሁለት ዙር እርማት ጋር በ12,000 ብር ተስማማ፤ ግማሹን ተቀበለ። ከዚያ በድምፅ መልእክት ሜኑ ተጨመረ፣ ቀጥሎ ሰባት የፌስቡክ ምስል። በየመሀሉ «አብሽር፣ እንተሳሰባለን» ይባላል። ወሎ ላይ ደግሞ ለአብሽር «በስንት?» ብሎ መመለስ ያሳፍራል። መጨረሻ ላይ 19,500 ብር ሲጠየቁ «በ12 ሺህ አልነበር እንዴ የተስማማነው?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ስለ ድካምና ስለ ኑሮ ውድነት መጻፍ አይጠቅምም፤ ሒሳቡን መለየት ነው። መጀመሪያ እርማት ከጭማሪ ይለያል። የሎጎው ቀለም ሁለቴ መቀየሩ እርማት ስለሆነ አይቆጠርም። ሜኑው ግን አዲስ ሥራ ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ያልተግባባነው ሁለት ሒሳብ ደርቤ ስላቀረብኩ ነው። የተስማማንበት 12,000 ብር አልተለወጠም። ሦስቱንም አስረክቤያለሁ፤ 6,000 ከፍለዋል፣ 6,000 ይቀራል፤ እሱን እስከ ዓርብ ይላኩልኝ። ከዚያ በኋላ ያዘዙኝ ሜኑ 4,000፣ የፌስቡክ ምስሎቹ 3,500 ብር ናቸው። ዋጋቸውን ሳልነግርዎት መጀመሬ የእኔ ጥፋት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም መውሰድ ወይም ሜኑውን ብቻ መውሰድ ይችላሉ፤ ምስሎቹን ካልፈለጉ እተወዋለሁ።»

ጥፋቱን ማመኑ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ግን ዋጋው አስቀድሞ አልተነገረም፤ ደንበኛውም መጀመሪያ የሚያነሱት ይህንኑ ነው። ቀድሞ ሲያምን ክርክሩ በ7,500 ብር ላይ ብቻ ይቀራል፤ ማንም ያልካደው 6,000 አብሮ አይታሰርም።

«በቃ፣ ሁሉንም በ15 ሺህ እንጨርስ» ቢሉስ? መቀበል ይችላል፤ ግን «12,000 የመጀመሪያው፣ 3,000 የጭማሪው» ብሎ ይጻፈው። ቅናሹ ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ ከተነሳ የቀድሞው ስምምነት ራሱ እንደገና ለድርድር ይቀርባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 በሕግ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል፤ ይህ ባለሙያውንም ያስረዋል። ለጭማሪው ክፍያ መያዣ ብሎ ሎጎውን መከልከል አይችልም። መያዝ የሚችለው ገና ያላስረከበውን የሜኑና የምስሎቹን ፋይል ነው።

በሚቀጥለው የድምፅ መልእክት «አንድ ባነር ጨምርልኝ» ሲሉ መልሱ አጭር ነው፦ «እሺ ጋሼ፣ ባነሩ 1,500 ብር፣ በሦስት ቀን ይደርሳል። ይሁን ካሉኝ እጀምራለሁ።» «ይሁን» የምትለው መልስ በጽሑፍ እስክትመጣ ድረስ ኮምፒውተሩ አይከፈትም።