መጀመሪያ የተጠራ ዋጋ ድርድርን እንዴት ይመራል፦ አንከሪንግ

አንከሪንግ ሰው እርግጠኛ ያልሆነበትን መጠን ሲገምት ቀድሞ ወደ ሰማው ቁጥር የመሳብ ዝንባሌ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች የመልህቅ ተጽእኖ ይሉታል። ቁጥሩ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ባይኖረው እንኳ ግምቱን ይጎትታል። በግብይት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የተጠራው ዋጋ ነው። ሻጭ ዋጋ ከጠራ በኋላ ያለው ክርክር ሁሉ በዚያ ቁጥር ዙሪያ ይሽከረከራል። ይህ ዳሰሳ በዋናነት የሚያየው በድርድር ላይ ያለውን ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አነሳሱ

ሐሳቡ በሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ በፖል ስሎቪክና በሣራ ሊችተንስታይን የ1971 ጽሑፍ ውስጥ አለ። በሰፊው የታወቀው ግን በ1974 ነው። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን በሳይንስ መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ ቀላል ሙከራ አቀረቡ። ተሳታፊዎቹ ፊት ከ0 እስከ 100 የተጻፈበት መንኮራኩር ይሽከረከራል። መንኮራኩሩ ተሠርቶበታል፤ የሚቆመው 10 ላይ ወይም 65 ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይቀርባል። በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ድርሻ በመቶኛ ከዚህ ቁጥር ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ትክክለኛው ድርሻስ ስንት ይመስላችኋል? 10 የደረሳቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሆነ። 65 የደረሳቸው 45 አሉ። በትክክል ለገመተ ገንዘብ እንከፍላለን ቢባልም ልዩነቱ አልጠበበም።

የመንኮራኩሩ ቁጥር ስለ አፍሪካ ምንም እንደማይናገር ሁሉም ያውቃል። ሥነ ልቦና ለኢኮኖሚክስ ካበረከታቸው ግኝቶች መካከል እንዲህ በቀላል ዕቃ የታየ ጥቂት ነው። ካህነማን በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ትቨርስኪ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

የቱሳን ቤት

ስለ ዋጋ ድርድር ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው ጥናት የ1987ቱ ነው። ግሪጎሪ ኖርዝክራፍትና ማርጋሬት ኒል በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ቱሳን ከተማ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ እውነተኛ ቤት መረጡ። ቤቱ በገማች ባለሙያ 74,900 ዶላር ተገምቷል። ከዚያ የቤት ሽያጭ ወኪሎችንና የቢዝነስ ተማሪዎችን ወደ ቤቱ ወሰዱ። ሁሉም ቤቱን ዞረው አዩ። የቤቱን ስፋት፣ የክፍሎቹን ብዛትና በአካባቢው የተሸጡ ሌሎች ቤቶችን ዋጋ የያዘ አሥር ገጽ ያህል መረጃም ተሰጣቸው።

መረጃው ለሁሉም አንድ ነው። የተለየው ባለቤቱ የጠየቀው ዋጋ ብቻ ነበር። ለአንዳንዶቹ ወኪሎች 65,900 ተብሎ ተጽፏል። ለሌሎቹ 83,900። ይህም ከባለሙያው ግምት ወደ ታችና ወደ ላይ 12 በመቶ ያህል የራቀ ነው። አጥኚዎቹ ቀደም ብለው የከተማውን ወኪሎች ጠይቀው ነበር። ከግምቱ ከ5 በመቶ በላይ የራቀ ዋጋ ወዲያው ያስታውቀናል የሚል መልስ አግኝተው ነበር። ስለዚህ 12 በመቶ ለባለሙያ ዓይን ሊያመልጥ የማይገባው ርቀት ነው።

ግን አመለጠ። ዝቅተኛውን ዋጋ ያዩት ወኪሎች ቤቱን በአማካይ 67,811 ዶላር ገመቱት። ከፍተኛውን ያዩት 75,190። ልዩነቱ 7,379 ነው። በሁለቱ የተጠየቁ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ 18,000 ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 41 በመቶ ይመጣል። የቤት ዋጋ ልምድ ያልነበራቸው ተማሪዎች 48 በመቶ ያህል ተጎተቱ። የዓመታት የሥራ ልምድ ያስገኘው ጥቅም ይህ የሰባት በመቶ ልዩነት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ይበልጥ ያስገርማል። ግምታችሁን በምን ላይ መሠረታችሁት ተብለው ሲጠየቁ ከወኪሎቹ በጣም ጥቂቶቹ ብቻ የተጠየቀውን ዋጋ ጠቀሱ። ተማሪዎቹ ግን ዋጋው እንደነካቸው በቀላሉ አመኑ። በእኔ አስተያየት የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ባለሙያውም ይጎተታል፣ መጎተቱን ግን አያውቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። እነዚህ ወኪሎች እየተከራከሩ አልነበረም። ሻጭም ፊታቸው አልቆመም። ስለዚህ ነገሩን ይሉኝታ ነው ወይም ሁለቱ ወገኖች መሐል ላይ ስለተገናኙ ነው ማለት አይቻልም። የተለወጠው ስለ ቤቱ ያላቸው ግምት ራሱ ነው።

ለምን ይሆናል?

ትቨርስኪና ካህነማን ሰው ከመነሻው ቁጥር ተነስቶ እያስተካከለ ይሄዳል፣ ግን ቶሎ ይቆማል አሉ። በኋላ ጀርመኖቹ ቶማስ ሙስዋይለርና ፍሪትዝ ስትራክ ሌላ ማብራሪያ አመጡ። ከፍ ያለ ዋጋ ሲሰማ አእምሮ «ይህን ያህል የሚያወጣው ለምን ይሆን?» ብሎ ይፈልጋል። የሚያገኘውም የዕቃውን መልካም ጎን ነው። ዝቅ ያለ ዋጋ ሲሰማ ደግሞ እንከኑ ጎልቶ ይታየዋል። ምናልባት ሁለቱም እንደ ሁኔታው ይሠሩ ይሆናል፤ ክርክሩ ገና አልተዘጋም። የተጠራ ዋጋን በተመለከተ ግን የጀርመኖቹ ማብራሪያ ይበልጥ ያሳምናል። ምክንያቱም መድኃኒቱን አብሮ ያሳያል።

ይህን በ2000 ከቲም ፋይፈር ጋር ሆነው አሳይተዋል። አሥር ዓመት ያገለገለ ኦፔል ካዴት መኪና ይዘው ወደ መካኒኮችና ወደ መኪና ሻጮች ሄዱ። ለአንዳንዱ «እኔ 2,800 ማርክ ያወጣል ብዬ ነበር» ይላሉ። ለሌላው 5,000። ከዚያ ያንተ ግምት ስንት ነው ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ እንደተጠበቀው ሆነ፦ ወደ 2,500 እና ወደ 3,550 ማርክ ገደማ። ለሌሎች ባለሙያዎች ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩ። «አንድ ጓደኛዬ ይህ ዋጋ አይሆንም ብሎኛል፤ ዋጋውን የሚቃወም ምን ነገር ይታይሃል?» ባለሙያው የተቃውሞውን ምክንያት ከዘረዘረ በኋላ ሲገምት፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 350 ማርክ ወረደ። ከሺህ በላይ የነበረው ማለት ነው። ነገር ግን ጨርሶ አልጠፋም።

ቀድሞ መጥራት ይጠቅማል?

አዳም ጋሊንስኪና ሙስዋይለር በ2001 ባወጡት ጥናት ቀድሞ ዋጋ የጠራ ወገን፣ ሻጭም ይሁን ገዢ፣ የተሻለ ውጤት አገኘ። ሁለተኛው ወገን ከመመለሱ በፊት ስለ ሌላው አማራጭ፣ ወይም ሌላው ሊቀበለው ስለሚችለው የመጨረሻ ዋጋ፣ ወይም ስለ ራሱ ግብ እንዲያስብ ሲደረግ ግን ይህ ብልጫ ጠፋ። መደራደር የሚያስተምሩ ሰዎች ከዚህ ተነስተው «ሁልጊዜ ቀድመህ ጥራ» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ስለ ገበያው ከአንተ በላይ ከሚያውቅ ሰው ጋር ስትደራደር ቀድመህ መጥራት አለማወቅህን ያሳየዋል። እሱ ሦስት ሊከፍል አስቦ መጥቶ ሳለ አንተ ሁለት ብትል ክርክሩ እዚያው አለቀ። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከልክ ያለፈ መነሻ ዋጋ ሌላውን ወገን አስቀይሞ ከድርድሩ እንዲወጣ እንደሚያደርግ አሳይቷል።

ጉዳዩ ወደ መረጃ የሚመለሰው ለዚህ ነው። የእኛ አገር ምሳሌ እዚህ በደንብ ይገባል። በ2008 በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዕለቱን ዋጋ በገጠር ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎችና በስልክ ማሳወቅ ጀምሮ ነበር። የአዲስ አበባን ዋጋ የማያውቅ ገበሬ የሚሰማው የመጀመሪያ ቁጥር ነጋዴው ደጁ ላይ የጠራለት ነው። ሰሌዳውን ያየ ገበሬ ግን ሌላ ቁጥር ይዞ ይቀርባል። የምርት ገበያው ሥራ ስለ ዋጋ መልህቅ ተብሎ የታቀደ አይደለም። ቢሆንም ይህን ችግር ከሥሩ የሚነካ ብልህ ሥራ ነው።

አንድ የቤት ኪራይ ድርድር

ነገሩን በቁጥር ለማየት የኪራይ ቤት እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። ደላላው ቤቱን ሳያሳይህ በመንገድ ላይ «22 ሺህ ነው፣ ግን ይቀንሳል» ይልሃል። ከዚህ በኋላ ቤቱን የምታየው በ22 ሺህ ብር ዓይን ነው። የሳሎኑ ስፋትና አዲሱ ቀለም ቶሎ ይታይሃል። 17 ሺህ ትላለህ፣ በጣም ያወረድክ ይመስልሃል። አከራዩ ትንሽ ይቀንሳል፣ አንተ ትንሽ ትጨምራለህ፣ 19,500 ላይ ትስማማላችሁ። 2,500 አስቀነስኩ ብለህ ደስ ብሎህ ትገባለህ።

አሁን ደላላ ከመጥራትህ በፊት በዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ቤት የተከራዩ ሦስት ሰዎችን ጠይቀሃል እንበል። 14፣ 15 እና 16 ሺህ እንደሚከፍሉ ነገሩህ። 15 ሺህ ግቤ፣ 16,500 ጣሪያዬ ብለህ ስልክህ ላይ ጻፍክ። 22 ሺህ ሲጠራ የምትመልሰው ከራስህ ቁጥር ተነስተህ ነው፤ 13,500 ትላለህ። የሁለቱ መካከል 17,750 ነው፣ ከጣሪያህ በላይ። ስለዚህ «መሐል ላይ እንገናኝ» ሲባል አትስማማም። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየሠሩ ነው። አንደኛው መሐል የመክፈል ሒሳብ ነው፤ ይህ ማንም ላይ ይሠራል፣ የሚመለሰውም ዝቅ ባለ መልስ ነው። ሁለተኛው አከራዩ ስለ ቤቱ በአንተ ውስጥ የፈጠረው ግምት ነው። ይህን የሚያላላው የኦፔሉ ጥያቄ ነው፦ ይህ ቤት 22 ሺህ የማያወጣው በምን ምክንያት ነው? ውሃ በፈረቃ ነው? ሽንት ቤቱ የጋራ ነው? ከአስፋልት ስንት ያስኬዳል? እነዚህን ቤቱ ውስጥ ቆመህ፣ መልስ ከመስጠትህ በፊት ጠይቅ።

መጎተትህን የምታውቅበት ምልክት አለ። ቅናሹን ከ22 ሺህ ጀምረህ እየቆጠርክ ከሆነ ተጎትተሃል። 19,500 ከ22 ሺህ ሲታይ ቅናሽ ነው፤ ከጻፍከው 15 ሺህ ሲታይ 4,500 ጭማሪ ነው። የተጠራው ዋጋ ጭራሽ የማይገናኝ ከሆነ ደግሞ በቁጥር አትመልስ። «በዚህ ዋጋ መነጋገር አንችልም» ብለህ አዲስ ዋጋ እንዲጠራ ጠብቅ።

ያልተቋጩ ነጥቦች

የጥናቱ መሠረት ጠንካራ ነው። በ2014 በ36 የተለያዩ ቡድኖች ላይ የቀደሙ ሙከራዎች እንደገና ሲሠሩ አንከሪንግ በጉልህ ተደግሞ ከታዩት ውስጥ ነበር። በገበያ ላይ ያለው መጠን ግን እንዲህ አንድ ወጥ አይደለም። ዳን አሪየሊ፣ ጆርጅ ሎዌንስታይንና ድራዘን ፕሬሌክ በ2003 እያንዳንዱ አሜሪካዊ ያለው የማኅበራዊ ዋስትና መለያ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ሰዎች ለወይን ጠጅና ለቸኮሌት የሚከፍሉትን እንደሚለውጡ ጽፈው ነበር። ሌሎች ሲደግሙት በጣም ደካማ ውጤት አግኝተዋል። ከዕቃው ጋር ግንኙነት የሌለው ቁጥር አንድ ነገር ነው፣ ሻጩ አስቦ የጠራው ዋጋ ሌላ። የተጠራ ዋጋ ስለ ዕቃው እውነተኛ መረጃም ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ገዢው ወደዚያ መጠጋቱ ሁልጊዜ ስህተት አይሆንም። ዋጋውን በደንብ በሚያውቀው ነገር ላይ ደግሞ ሰው እምብዛም አይጎተትም። ሽንኩርት በየሳምንቱ የምትገዛ እናት ላይ እጥፍ የጠራ ሻጭ የሚያተርፈው ሌላ መደብ እንድትሄድበት ነው።