የታክሲ ረዳት ቋንቋ ምንድን ነው? «ሜክሲኮ በሃያ ሁለት፣ አንድ ሰው!» ሲፈታ

ለአዲስ አበባ እንግዳ የሆነ ሰው መገናኛ ላይ ሲቆም ጆሮው የሚገባው ጩኸት ብቻ ነው፣ ወያላው ግን በአንድ ትንፋሽ የት እንደሚያደርስ፣ በየት በኩል እንደሚሄድና መቼ እንደሚነሳ ተናግሮ ጨርሷል። ደግሞ የሚደጋግመው አንተ እንድትሰማው እንጂ እንድትጠይቀው አይደለም፣ ጥያቄ ካበዛህ ፊቱን አዙሮ ሌላ ሰው ይጠራል።

«ሜክሲኮ በሃያ ሁለት» ካለ በኡራኤል አድርጎ፣ በስታዲየም በኩል ነው የሚወጣው። «ሜክሲኮ በቦሌ» ካለ መጨረሻው ያው ነው ግን ኡራኤል የሚወርድ ሰው ከገባ ጉድ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ነባሩ ተሳፋሪ የሚያዳምጠው የመጀመሪያውን ስም ሳይሆን ከኋላው የምትመጣዋን ነው፣ ካልሰማም አንድ እግሩን በሩ ላይ አድርጎ «በየት በኩል ነው?» ይላል፣ አለቀ።

«አንድ ሰው» የምትለዋ ግን ቁጥር አይደለችም። መኪናው ልትነሳ ነው ፍጠን ማለት ናት፣ ስትገባ ሶስት ወንበር ባዶ ብታገኝ አትገረም። ሲመሽ ደግሞ ሶስት ሰው የሚቀመጥበት ላይ አራተኛ ሰው ሊጨምር ሊሆን ይችላል፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ካለ በኋላ የሚጠራው «አንድ ሰው» እሱ ነው፣ ትርፍ ማለት።

አሁን ኪስ ወደሚነካው እንምጣ። ማታ 12 ሰዓት አካባቢ፣ ሰልፉ ረዝሟል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ታፔላ መገናኛ–ሜክሲኮ ይላል፣ ወያላው ግን «ስታዲየም ስታዲየም!» ብቻ ነው የሚለው። አዲስ ሰው «ያው መንገዱ ነው፣ ሜክሲኮም ይደርሳል» ብሎ ይገባል፣ ስታዲየም ሲደርስ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» ይባላል፣ ወርዶ ቀና ሲል ያው መኪና «ሜክሲኮ ሜክሲኮ» እያለ ይጣራል። ይሄ ነው መንገድ ማቆራረጥ የሚባለው። ታሪፉ በኪሎ ሜትር እርከን ስለሆነ ሁለት አጭር ጉዞ ተደምሮ ከአንዱ ረጅም ይበልጣል፣ ለዛ ነው የሚቆራርጡት። መለያው ታፔላውና ጩኸቱ አለመግጠማቸው ነው። ገና ሳትገባ «ሜክሲኮ ድረስ ነህ?» ብለህ ጠይቅ፣ ዝም ካለህ ወይ «ስታዲየም ነው ያልኩት» ካለህ መልስህን አግኝተሃል። ወንበር ይዘህ ከጠየቅክ ግን ሰልፉን ለቀህ መጥተሃልና መውረዱ ራሱ ይከብድሃል፣ እነሱም ይህን ያውቃሉ (እኔ በግሌ ከትርፉ ይልቅ የምጠላው ይሄን ነው፣ ትርፉን ቢያንስ አይተህ ነው የምትገባው)።

ውስጥ ከገባህ በኋላ ያለው ወሬ ካንተ ጋር ሳይሆን ከሹፌሩ ጋር ነው። «ሳብ!» ሲል ሂድ ማለቱ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ ድርግም ካደረገ ትራፊክ ወደፊት አለ ማለት ነው፣ ሹፌሩ ለረዳቱ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል ወይ በመስታወት ያየዋል፣ ረዳቱም ትርፍ የሆነውን ሰው «ጎንበስ በል» ይለዋል። አዲሱ ሰው ረዳቱ የሰደበው ሊመስለው ይችላል፣ ጎኑ ያለው ግን ቀድሞ አጎንብሷል፣ እሱን አይቶ ነው የሚማረው።

አንተ መናገር ያለብህ ዋና ነገር «ወራጅ አለ» ናት፣ ጮክ ብለህ፣ ቦታው ላይ ሳይሆን ከመድረስህ ትንሽ ቀደም ብለህ። ብዙ እንግዳ አፍሮ ቀስ ብሎ ይላትና ያልፈዋል፣ ያኔ አጠገቡ ያሉ እትዬ «ኧረ ወራጅ አለ ልጄ!» ብለው ይደርሱለታል። ኮሪደር ልማት በሰራቸው መንገዶች ላይ ደግሞ ቀድመህ ብትለውም «እዚህ አይቻልም፣ ፌርማታው ላይ» ነው መልሱ፣ መቆሚያው ተለይቶ ስለተሰራ ሹፌሩ ቅጣት ይፈራል።

ሂሳብ ላይ «ስንት ነው?» ብለህ ከጠየቅህ እንግዳነትህ ይታወቃል፣ ነባሩ የጎኑን ሰው አስቀድሞ ጠይቆ ብሩን ሲሰጥ «የሁለት፣ ኡራኤል» ይላል፣ ስንት ሰውና የት ድረስ እንደሆነ በዛው አለቀ። ዝርዝር ከሌለው ወያላው ላንተና ከጎንህ ላለው ለማታውቀው ሰው አንድ ድፍን ብር ይሰጥና «ተካፈሉ» ብሎ ወደኋላ ያልፋል። እዚህ ላይ ብሩን የያዘው ቀድሞ ወራጅ ከሆነ ችግር ነው፣ ስለዚህ የት እንደሚወርድ ሳትጠይቅ አትልቀቅለት።