“ቫት ከትርፌ ላይ ነው የሚሄደው” እና ሌሎች በወር መጨረሻ የሚሰሙ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ቫት የተመዘገቡ ነጋዴዎች ወር ሲያልቅ የሚያነሷቸው ቅሬታዎች ይመሳሰላሉ። ከእነዚህ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማቸውን ወስጄ በአንድ ሱቅ ሂሳብ ላሳያችሁ። ሱቁ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ነው፤ ከዚራ ያለ ሴራሚክና ሲሚንቶ የሚሸጥ ሱቅ እንበል።

“ከወጪ ተርፎኝ ያየሁት 80,000 ብር ነው። 15 በመቶው 12,000 ነው፤ ለምን 30,000 ክፈል ተባልኩ?”

የሱቁን የጥቅምት ወር እንይ። ያለ ቫት የሸጠው 800,000 ብር ነው፤ በዚህ ላይ 120,000 ብር ቫት ከደንበኞቹ ተቀብሏል። በዚያው ወር ሴራሚክ ከውጭ አስገባ። ቀረጡ ሁሉ ተደምሮ ቫት የታሰበበት ዋጋ 500,000 ብር ስለሆነ ጉምሩክ ላይ 75,000 ብር ቫት ከፈለ። ከአገር ውስጥ አከፋፋይ ደግሞ የ100,000 ብር ሲሚንቶ ገዝቶ 15,000 ብር ቫት ጨመረ። እንግዲህ ከደንበኛ የሰበሰበው 120,000 ነው፤ እሱ ራሱ አስቀድሞ የከፈለው 90,000። ልዩነቱ 30,000 ብር የወሩ ክፍያ ነው። ትርፍ የሚባለው ቁጥር እዚህ ስሌት ውስጥ የትም ቦታ የለውም።

80,000ው የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በወሩ የተሸጠው ዕቃ ለሱቁ የወሰደበት 640,000 ብር ነበር፤ ከ800,000 ሲቀነስ 160,000 ይቀራል። ከዚያ ላይ 50,000 ለሠራተኛ ደሞዝ፣ 30,000 ለሱቁ ኪራይ ወጣ። ደሞዝ ቫት የለውም። አከራዩም ቫት ያልተመዘገበ ሰው ስለሆነ ኪራዩ ላይ ቫት አልተከፈለም። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ወጪዎች ትርፉን በ80,000 ቀነሱት እንጂ ከቫቱ ላይ አንድ ብር አላነሱም።

አንድ ነገር ይቀራል። በወሩ የተሸጠው ዕቃ 640,000 ያወጣ ሆኖ ሳለ በወሩ የተገዛው 600,000 ብቻ ነው። የ40,000 ብሩ ዕቃ ከመስከረም የቀረ ነበር፤ የእሱ ቫት በመስከረም፣ ዕቃው በተገዛበት ወር፣ ተቀንሷል። የግዢ ቫት ዕቃው እስኪሸጥ አይጠብቅም፤ ለዚህ ነው የትርፍ ሂሳብና የቫት ሂሳብ በአንድ ወር ውስጥ የማይገጥሙት። ነጋዴው 30,000ውን ከራሱ ኪስ እንደወጣ ቢቆጥረው አይገርመኝም፤ ብሩ ከሌላው ሽያጭ ጋር በአንድ መሳቢያ ውስጥ ገብቷልና። ግን ከመጀመሪያውም የደንበኛው ክፍያ ነው። የቫቱን ድርሻ በየሳምንቱ በሌላ የባንክ ሂሳብ የሚያስቀምጡ ነጋዴዎች በወር መጨረሻ ብድር ሲፈልጉ አይቼ አላውቅም።

“ከማሽኑ የወጣው ድምር 920,000 ነው። በ0.15 አባዛሁት፤ 138,000 መጣ።”

920,000 ቫቱን የያዘ ቁጥር ነው። 15 በመቶው የሚታሰበው ቫት ባልገባበት ዋጋ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ በ1.15 ይካፈላል፤ 800,000 ይሆናል። ከ920,000 ሲቀነስ 120,000 ይቀራል። በማባዛት የሄደው 18,000 ብር አብልጦ ሊከፍል ነበር።

“አንዱ ኮንትራክተር ብሩን ገና አልሰጠኝም። ያልተቀበልኩትን ቫት እንዴት እከፍላለሁ?”

ከ800,000ው ውስጥ 200,000ው መልካ ጀብዱ ለሚሠራ ኮንትራክተር በዱቤ የተሸጠ ነው እንበል። ዕቃው ወጥቷል፣ ደረሰኙ በጥቅምት ተቆርጧል፤ 30,000 ብር ቫቱም የጥቅምት ነው፣ ገንዘቡ በታኅሣሥ ቢመጣም። ይህ በእርግጥ ያማል። በዚህ ምሳሌ የወሩ ክፍያ በሙሉ ካልተሰበሰበው ቫት ጋር እኩል ሆኖ ቁጭ ብሏል። መፍትሔው ደረሰኙን ማዘግየት አይደለም፤ ዕቃው ወጥቶ ደረሰኝ አለመቁረጥ ራሱ ጥፋት ነው። በዱቤ ስትሸጡ ቢያንስ 15 በመቶውን ቫት በቅድሚያ ተቀበሉ። አብዛኛው ደንበኛ ምክንያቱ ሲነገረው ይስማማል፤ እሱም ቫት ተመዝግቦ ከሆነ ያንኑ ደረሰኝ ይዞ ከራሱ ቫት ላይ ይቀንሰዋል።

“ደረሰኝ እስካለኝ ድረስ ሁሉም ይቀነስልኛል።”

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። ሻጩ ቫት የተመዘገበ ካልሆነ የሚቀነስ ቫት የለም። ደረሰኙ ላይ የእናንተ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለም ግዢው የእናንተ ስለመሆኑ ማስረጃ የላችሁም፤ ስለዚህ ከሱቁ ሳትወጡ አንብቡት። ለቤት የተገዛ ፍሪጅም የንግዱ ግዢ አይደለም። የመዝናኛ ወጪ አይቀነስም፤ የቤት መኪናም፣ ሥራችሁ መኪና መሸጥ ወይም ማከራየት ካልሆነ፣ እንደዚያው።

ድሬዳዋን በተለይ የሚነካው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ነው። በጅቡቲ በኩል የገባ ዕቃ ሲመጣ ዲክላራሲዮኑ ላይ የተከፈለው ድምር ትልቅ ቁጥር ነው፤ ያ ድምር በሙሉ ግን ቫት አይደለም። የጉምሩክ ቀረጡና ሱር ታክሱ የዕቃው ዋጋ አካል ሆነው ይቀራሉ። ለገቢ ግብር በቅድሚያ የተያዘው ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ ግብር ጋር ይወራረዳል። ከወሩ የሽያጭ ቫት ላይ የሚቀነሰው የቫቱ መስመር ብቻ ነው። ዕቃውን በሌላ ሰው ፈቃድ ያስገባ ነጋዴ ደግሞ ወረቀቱ በእሱ ስም ስላልሆነ 75,000ውን ከኪሱ ቢያወጣም መቀነስ አይችልም። በምሳሌያችን የወሩ ክፍያ ከ30,000 ወደ 105,000 ይዘላል ማለት ነው። በሰው ፈቃድ ማስገባት ርካሽ የሚመስለው ይህ ቁጥር እስኪመጣ ነው።

“ደንበኛዬ ዊዝሆልዲንግ ቆርጦብኛል። ከቫቱ ላይ ይነሳልኝ።”

ዊዝሆልዲንግ በተለምዶ የገቢ ግብር ነው። ወረቀቱን ለዓመቱ ሂሳብ በጥንቃቄ አስቀምጡት፤ ከወሩ ቫት ጋር አይገናኝም።

“ግዢዬ ከሽያጬ በልጧል። ስለዚህ መንግሥት ይመልስልኛል፣ ወይም የዚህ ወር ማሳወቅ አያስፈልገኝም።”

በኅዳር ሱቁ 600,000 ሸጠ፤ ቫቱ 90,000። ለበዓል ሰሞን ብሎ 900,000 ብር ዕቃ ገዛ፤ ቫቱ 135,000። ግዢው በ45,000 በለጠ። ይህ ብር በተለምዶ ወዲያው በእጅ የሚመጣ ሳይሆን ወደሚቀጥለው ወር የሚዞር ነው። በታኅሣሥ 700,000 ሸጦ 105,000 ሰበሰበ፤ 300,000 ገዝቶ 45,000 ከፈለ። ልዩነቱ 60,000 ነው። ከኅዳር የዞረው 45,000 ሲነሳለት የሚከፍለው 15,000 ብቻ ሆነ።

ይህ የሚሠራው ግን የኅዳሩ ማሳወቂያ ከገባ ነው። የሚከፈል ነገር የለም ብሎ ያልተወው ነጋዴ በታኅሣሥ ቅጽ ላይ ከባለፈው ወር ለዞረው የሚሆነውን ቦታ የሚሞላበት ቁጥር አለው። ምንም ሽያጭ በሌለበት ወርም ዜሮ ተብሎ ይገባል። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አንድ ላይ ስለሚታይ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን የተቆረጡትን ደረሰኞች አንድ ላይ ደምሩ፤ የጳጉሜንን ወደ መስከረም የሚያሻግር ነጋዴ ሁለቱንም ወር ያዛባል።