ዌክ ሎክ ምንድን ነው? ከአፕዴት በኋላ ባትሪ የሚጨርሰው ማን እንደሆነ ማወቂያ

ስልኩ አፕዴት ተደረገ፤ በማግስቱ ጠዋት 100% የነበረው ባትሪ ገና ሳይመሽ አለቀ። ብዙ ሰው ወዲያው ባትሪ ለማስቀየር ይሮጣል። ባትሪ ግን በአንድ ሌሊት አያረጅም።

ከትልቅ አፕዴት በኋላ አንድሮይድ አፖቹን ለአዲሱ ሲስተም እንደገና ያዘጋጃል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ቀናት ባትሪው ቶሎ ቢወርድ፣ ስልኩም ሞቅ ቢል አትደንግጡ። ከዚያ በኋላም ካልተሻለው ዌክ ሎክን መጠርጠር ነው።

ስክሪኑ ሲጠፋ ፕሮሰሰሩም አብሮ ይተኛል፤ ባትሪ የሚቆጥበውም ያኔ ነው። ዌክ ሎክ ማለት አንድ አፕ «ሥራ ላይ ነኝ፣ አትተኛ» ብሎ ፕሮሰሰሩን የሚይዝበት ፈቃድ ነው። ስክሪን አጥፍታችሁ ሙዚቃ የምትሰሙት በዚሁ ነው። ችግሩ የሚመጣው አፑ ፈቃዱን ሳይመልስ ሲቀር ወይም በየደቂቃው ደጋግሞ ሲጠይቅ ነው።

ይህን ለማወቅ ሌሊቱን ተጠቀሙበት። ስትተኙ ቻርጀሩን ንቀሉና ስንት ፐርሰንት እንዳለ ያዙ። ደህና ስልክ እስኪነጋ ጥቂት ፐርሰንት ብቻ ነው የሚያጣው። 20 ያህል ከወረደ ስልኩ አልተኛም ሊሆን ይችላል። ጠዋት ስልኩን ሳትነካኩ Settings ውስጥ Battery፣ ከዚያ Battery usage ግቡ። የአፑን ስም ስትነኩ ሁለት ሰዓቶች ይወጣሉ፦ ስክሪን ላይ የቆየበትና ከጀርባ የሠራበት። ከፐርሰንቱ ይልቅ እነዚህን አወዳድሩ።

የአንዲት ባልደረባዬ ስልክ ላይ የፎቶ ባክአፕ አፕ ስክሪን ላይ 2 ደቂቃ፣ ከጀርባ ደግሞ 7 ሰዓት ሠርቶ አገኘነው። ከአፕዴቱ በኋላ የድሮ ቪዲዮዎቿን መጫን ጀምሯል። የቤቷ ዋይፋይ ስለሚቆራረጥ ግን አንዱን ረጅም የሠርግ ቪዲዮ ይጀምራል፣ ይቋረጥበታል፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አፑን ማጥፋት አላስፈለገም። ባክአፑ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ እንዲሠራ አደረግነው፤ ቪዲዮውንም ኮምፒውተር ላይ ገልብጣ ከስልኩ አወጣችው። በሚቀጥለው ሌሊት የወረደው 4% ብቻ ነበር።

አፑ እንዲህ ዓይነት ማስተካከያ ከሌለው እዚያው የባትሪ ገጹ ላይ Restricted የሚለውን ምረጡ። ቴሌግራምን ግን እንዲህ አታድርጉት፤ መልእክት የሚደርሳችሁ አፑን ስትከፍቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዝርዝሩ ውስጥ ተጠርጣሪ ካልተገኘ፣ የምትተኙበት ክፍል ኔትወርክ ደካማ መሆኑን እዩ። ስልኩ ሲግናል ፍለጋ ብቻ ብዙ ባትሪ ይጨርሳል። ኔትወርኩ ደህና ከሆነ አንድ ሌሊት ስልኩን Safe mode ላይ አሳድሩት፤ እዚያ ላይ እናንተ የጫናችኋቸው አፖች አይሠሩም። ባትሪው ከረጋ ጥፋተኛው ከእነሱ አንዱ ነው፤ በቅርብ የጫናችሁትን እያጠፋችሁ ፈትሹ። ያኔም ከወረደ ግን ጣጣው የሲስተሙ ሊሆን ይችላል፤ የማስተካከያ አፕዴት እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል።