አዲስ አገልግሎትን ለነባር ደንበኛ ማብሰር፦ ቴሌብርና *127#

ለነባር ደንበኛ አዲስ ነገር ሲመጣ ማሳወቅ፣ በማስታወቂያውም አንድ ነገር ብቻ እንዲያደርግ መጠየቅ፣ በአገራችን በስፋት የታየው በኢትዮ ቴሌኮም አጭር መልእክት ነው። ከምሳሌዎቹ ሁሉ ትልቁ ቴሌብር ነው። ከሱ በፊት ኤም-ብርና ሄሎካሽ የሚባሉ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ነበሩ።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ነው። ቴሌያችን ያን ጊዜ ደንበኛ ፍለጋ መውጣት አላስፈለገውም። በዚያ በጀት ዓመት ማብቂያ 56.2 ሚሊዮን ደንበኞች ነበሩት፤ የሁሉም ስልክ ቁጥር በእጁ ነው። የቀረው ሰዉ ምን እንዲያደርግ እንደሚጠየቅ መወሰን ነበር። መተግበሪያም፣ የሽያጭ ማዕከልም፣ ወኪልም ነበረ። ለብዙኃኑ የሚሆነው መንገድ ግን *127# መደወል ነው። ስማርት ስልክ አይፈልግም፣ ዳታም አይፈልግም። ተጫን፣ ዝርዝሩ ይመጣል፣ ቁጥር መርጠህ ትልካለህ፤ በቃ።

ደንበኛው እንዲያደርግ የሚጠየቀው ነገር ለምን አንድ ብቻ ይሁን የሚለው የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም አለው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ አጭር መልእክት 160 ምልክት ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ከሆነ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በላቲን በተጻፈ ጽሑፍ መሃል አንዲት «።» ብትገባ እንኳ ጣሪያው ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል፣ ላኪውም የሚታሰብበት እንደ ሁለት መልእክት ነው።

ለማሳያ የሚሆን፣ እኔ ያዘጋጀሁት ጽሑፍ ይኸውና፦

«ገንዘብ መላክ በስልክዎ ተጀመረ። ለመመዝገብ *127# ይደውሉ።»

ክፍት ቦታውን ጨምሮ 39 ምልክት ነው። ፊቱ ላይ «የተከበሩ ደንበኛችን፣ » ሲጨመር 53 ይሆናል። እስከዚህ ሰላም ነው። አሁን አንድ አለቃ ይመጣና «መተግበሪያውም ይጠቀስ እንጂ» ይላል። «ይደውሉ» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም መተግበሪያውን ያውርዱ» ይገባል። ድምሩ 71! በአንድ ምልክት ምክንያት መልእክቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ገና ማውረጃው ሊንክ እንኳ አልገባም። ለብዙ ሚሊዮን ሰው ሲላክ ያቺ አንድ ምልክት ወጪውን እጥፍ ታደርጋለች። በዚያ ላይ አንባቢው ምርጫ ገጠመው፤ ምርጫ የገጠመው ሰው ደግሞ «በኋላ አየዋለሁ» ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለስማርት ስልክ ተጠቃሚዎች የመተግበሪያውን ለብቻ፣ ለቀሩት *127#ን ለብቻ መላክ።

መልእክቱን ለሁሉም በአንዴ መልቀቅም አይመከርም። ሁሉም በአንድ ሰዓት ቢደውል መስመሩ ይጨናነቃል፣ ዝርዝሩ ሳይከፈት ይቋረጣል፤ መጀመሪያ ሞክሮ ያቃተው ደንበኛ ደግሞ ሁለተኛ ላይሞክር ይችላል። ስለዚህ በየምድቡ ይላካል። ችግሩ የት እንዳለ የሚታወቀው ሦስት ቁጥሮችን ጎን ለጎን በማየት ነው፦ ስንቱ ደወለ፣ ስንቱ ምዝገባውን ጨረሰ፣ ስንቱ ገንዘብ አንቀሳቀሰ። የደወለው ትንሽ ከሆነ ጽሑፉን ማየት ነው። ብዙ ሰው ደውሎ ጥቂቱ ብቻ ከጨረሰ ግን ማስታወቂያው ሥራውን ሠርቷል፤ የሚስተካከለው ዝርዝሩ ነው።

በሰኔ 2014 የቴሌብር ደንበኞች 21.8 ሚሊዮን፣ ከዓመት በኋላ 34.3 ሚሊዮን ደረሱ። አኩሪ ቁጥር ነው። ከተመዘገበው ውስጥ ዘወትር የሚጠቀመው ስንቱ ነው የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። እድገቱ ሁሉ የመልእክቱ ውጤት ነው ማለትም ያስቸግራል። ለምሳሌ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ተደርጓል፤ ሹፌሩ የተመዘገበው ማስታወቂያ ማርኮት ላይሆን ይችላል።

በ2014 ማብቂያ ከዳሸን ባንክ ጋር ብድሩ «መላ»፣ «እንደኪሴ»ና ቁጠባው «ሳንዱቅ» ሲመጡ ለደንበኛው አዲስ ቁጥር ማስተማር አላስፈለገም፤ *127# ቀድሞ ተለምዷል። ጉዳቱ የዝርዝሩ መርዘም ነው። አንድ የዚህ ዓይነት ስክሪን በግዕዝ 80 ገደማ ምልክት ቢይዝ ነው። አገልግሎት በተጨመረ ቁጥር አዲሱ ነገር ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ገጽ ይገፋል። ያኔ «*127# ይደውሉ» ብቻውን አይበቃም፤ ከደወሉ በኋላ የቱን ቁጥር እንደሚመርጡም አብሮ መነገር አለበት።

አጭበርባሪዎችም የመልእክቱን አጻጻፍ ለምደውታል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከተራ የሞባይል ቁጥር መጥቶ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ የሌባ ነው።

ሳፋሪኮም በነሐሴ 2015 ኤም-ፔሳን ይዞ ሲመጣ ያንኑ መንገድ ተከትሏል፤ የሱ ቁጥር *733# ነው።