ስፕሬድ፣ ኮሚሽን እና ስሊፔጅ ምንድን ናቸው? የአንድ ደቂቃ ቻርት ትርፍ የሚሄድበት መንገድ

ፎሬክስ ከሚሞክሩ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። ሰውየው መቼ መግዛትና መሸጥ እንዳለበት የሚጠቁም አንድ ኢንዲኬተር ያገኛል። በአንድ ደቂቃ ቻርት ላይ ያለፉትን ወራት ይፈትሽበታል። ግራፉ ሽቅብ ይወጣል። ደስ ብሎት እውነተኛ ገንዘብ ያስገባል፤ ያኔ አካውንቱ ቀስ እያለ ይሟሟል። አንድ ትልቅ ኪሳራ አያገኝም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ብቻ ይቀንስበታል። ኢንዲኬተሩን ይቀይራል፣ ቁጥሮቹን ያስተካክላል፣ ለውጥ የለም። ኢንዲኬተሩ ምናልባት ጥሩ ነበር። ትርፉን የበላው ሌላ ነው።

ስፕሬድን ለመረዳት የባንክ የምንዛሬ ሰሌዳ ይበቃል። ሰሌዳው ላይ መግዣ እና መሸጫ የሚሉ ሁለት ዋጋዎች አሉ። መግዣው 150 ብር፣ መሸጫው 153 ብር ነው እንበል። 100 ዶላር ገዝታችሁ እዚያው መስኮት ላይ ብትመልሱት 300 ብር ጎድሎባችሁ ትወጣላችሁ። ዋጋው ግን ንቅንቅ አላለም። ያ ልዩነት ስፕሬድ ነው። ትሬድ ስትከፍቱ በውዱ ትገዛላችሁ፣ ስትዘጉ በርካሹ ትሸጣላችሁ። ስለዚህ ማንኛውም ትሬድ የሚጀምረው ከዜሮ በታች ነው።

ኮሚሽንን ማብራራት አያስፈልግም፤ ደላላ የማያውቅ ሰው የለም። ስሊፔጅ ግን ትንሽ ስውር ነው። በስልክ የሽንኩርት ዋጋ ጠይቃችሁ፣ ገበያ እስክትደርሱ ዋጋው ጨምሮ ይጠብቃችሁ ይሆናል። ያያችሁት ዋጋ እና የከፈላችሁት ዋጋ ልዩነት ስሊፔጅ ይባላል። ፎሬክስ ላይ መንገዱ የሚፈጀው የሰከንድ ሽራፊ ቢሆንም ዋጋው አይጠብቅም።

አሁን ቁጥር ውስጥ እንግባ። ዩሮ/ዶላርን እንውሰድ። ዋጋው ከ1.0850 ወደ 1.0851 ሲሄድ አንድ ፒፕ ተንቀሳቀሰ ይባላል። አንድ ሎት 100,000 ዩሮ ስለሆነ አንድ ፒፕ 10 ዶላር ነው። በ0.1 ሎት ደግሞ 1 ዶላር።

ስትራቴጂያችን በአንድ ደቂቃ ቻርት ላይ የሁለት ሙቪንግ አቨሬጅ፣ ማለትም የአማካይ ዋጋ መስመሮች፣ መሻገርን ይከተላል እንበል። ግቡ 6 ፒፕ፣ ኪሳራው እንዳይበዛ ትሬዱን የሚዘጋው ስቶፕ ሎሱም 6 ፒፕ ነው። ወጪ ሳይታሰብ ሲፈተሽ ከመቶው 55 ያሸንፋል። ይህ እንዲሁ የሚናቅ ውጤት አይደለም። 55ቱ 6 ፒፕ ያመጣሉ፣ 45ቱ 6 ፒፕ ይወስዳሉ፤ ሲካፈል ለአንድ ትሬድ 0.6 ፒፕ ትርፍ ይደርሳል። በቀን 20 ትሬድ፣ በወር 20 ቀን፣ ማለትም 400 ትሬድ። 240 ፒፕ መጣ። 2,000 ዶላር ባለው አካውንት በ0.1 ሎት ከተሠራ በወር 240 ዶላር፣ 12 ከመቶ ነው። ሥራ መልቀቅ የሚያሳስበው ይሄ ቁጥር ነው።

አሁን ወጪውን እናስገባ። ስፕሬዱ ጠባብ በሆነበት የአካውንት ዓይነት፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት 0.2 ፒፕ ይሁን። ኮሚሽኑ ለአንድ ሎት መግቢያና መውጫ 7 ዶላር፣ ይህም 0.7 ፒፕ ነው። ስሊፔጁ በአማካይ 0.2 ይሁን፤ ለጋስ ግምት ነው። ድምሩ 1.1 ፒፕ። ትርፋችን ደግሞ 0.6 ነበር። እያንዳንዱ ትሬድ 0.5 ፒፕ ያስከፍለናል ማለት ነው። በወሩ መጨረሻ 240 ዶላር አገኛለሁ ያለው ሰው 200 ዶላር ከስሮ ቁጭ ይላል። ለወጪ ብቻ የወጣው 440 ዶላር ነው፤ የአካውንቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ በአንድ ወር ውስጥ።

“ኮሚሽን የሌለው አካውንት እከፍታለሁ” የሚል አለ። እዚያ ስፕሬዱ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ፒፕ ይጠጋል። ገንዘቡ የሚወጣበት ኪስ ተቀየረ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

ላለመክሰር ከመቶ ስንት ማሸነፍ እንዳለባችሁ የምታውቁበት ቀላል ቀመር አለ። SL ስቶፑ፣ TP ግቡ፣ C የአንድ ትሬድ ጠቅላላ ወጪ ነው፤ ሁሉም በፒፕ።

```
(SL + C) / (TP + SL)
```

የእኛን ስናስገባ 7.1 ለ12፣ ማለትም 59.2 ከመቶ ይመጣል። 55 ይዘን 59 ይጠየቅብናል። ያንኑ ወጪ 60 ፒፕ ግብና 60 ፒፕ ስቶፕ ላለው ትሬድ ብናደርገው 61.1 ለ120፣ 50.9 ከመቶ ይሆናል። ያው 55 አሁን በቂ ነው፤ በአንድ ትሬድ 4.9 ፒፕ ይተርፋል። ወጪው አልተቀየረም። የተቀየረው ወጪው የሚካፈልበት እንቅስቃሴ ስፋት ነው።

የታይም ፍሬም፣ ማለትም የደቂቃ ወይስ የሰዓት ቻርት የሚለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዋጋ የሚንቀሳቀሰው ከጊዜው ጋር እኩል አይደለም፤ በግምት ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ነው። ጊዜውን አራት እጥፍ ብታደርጉት እንቅስቃሴው ሁለት እጥፍ ያህል ያድጋል። የአንድ ደቂቃ ካንድል፣ ማለትም ቻርቱ ላይ የዚያችን ደቂቃ የዋጋ እንቅስቃሴ የሚያሳየው ዘንግ፣ ከላይ እስከ ታች 1.5 ፒፕ ከሆነ፣ የአንድ ሰዓቱ 90 ፒፕ አይሆንም፤ 12 ፒፕ አካባቢ ነው። የ1.1 ፒፕ ወጪ ከአንድ ደቂቃው ካንድል ሩብ ያህሉን ብቻ ያስተርፋል። ከአንድ ሰዓቱ ካንድል ግን ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይወስድም። ረጅም ታይም ፍሬም የራሱ ጣጣ አለው፤ ትሬዱ ሲያድር የአዳር ወለድ ሊታሰብበት ይችላል፣ ስቶፑም ስለሚሰፋ ሎቱን መቀነስ ግድ ነው። የወጪው ጫና ግን ይቀላል።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ኮሚሽን በሪፖርቱ ላይ በራሱ ዓምድ ይጻፋል። ስፕሬድ ግን የትም አይጻፍም። የሚታየው በተሸነፉ ትሬዶች ብዛት ነው። እንዴት? ስፕሬዱ አንድ ፒፕ ይሁን። መሸጫው 1.08510 ሲሆን ገዛን፤ መግዣው በዚያች ቅጽበት 1.08500 ነው። ግባችን 1.08570፣ ስቶፓችን 1.08450። ስንወጣ የሚሠራው መግዣው ዋጋ ስለሆነ ርቀቱን ከእሱ እንለካ። ለግቡ 7 ፒፕ ይቀረዋል፣ ለስቶፑ ግን 5 ብቻ። ሳንቲም እየወረወርን ብንገባ እንኳ 50 ከመቶ አናሸንፍም፤ ከ12 አምስት፣ ወደ 42 ከመቶ እንወርዳለን። ያሸነፍነው ትሬድ ያው 6 ፒፕ ያሳያል፣ የተሸነፍነውም 6። ሰውየው ሪፖርቱን አይቶ “ሲግናሉ ተበላሸ” ይላል። ሲግናሉ አልተነካም።

የመነገጃ ፕሮግራሙ ሜታትሬደር ቻርቱን የሚስለው በመግዣው ዋጋ ነው፤ በእንግሊዝኛው Bid የሚባለው። የመሸጫውን መስመር ከቅንብሩ ውስጥ ካላበራችሁት አታዩትም። ዋጋው ይወርዳል ብላችሁ በ1.08500 ሸጣችሁ ስቶፑን 1.08560 ላይ አስቀመጣችሁ እንበል። ካንድሉ 1.08552 ደርሶ ተመለሰ። ቻርቱ ላይ ስቶፑ አልተነካም፤ ትሬዱ ግን ተዘግቷል። የሸጠ ሰው የሚዘጋው መልሶ በመግዛት፣ ማለትም በመሸጫው ዋጋ ነው፣ እሱም በዚያች ሰዓት 1.08562 ነበር። “ብሮከሩ ስቶፔን አደነው” ከሚሉት ቅሬታዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ብሮከር ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ከመክሰስ በፊት የመሸጫውን መስመር ማብራት ይሻላል።

ስፕሬድም ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የኒው ዮርክ ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 5 ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር ወቅቱን ተከትሎ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት፣ የገበያው ቀን ይቀየራል። ገዢም ሻጭም ይሳሳል፣ ስፕሬዱም ተለጥጦ ብዙ ፒፕ ይደርሳል። ቀን ሥራ ውሎ ሌሊት የሚነግድ ሰው ሳያውቀው በጣም ውዱን ሰዓት መርጦ ሊሆን ይችላል።

ስሊፔጅ ደግሞ ጠባዩ አድሏዊ ነው። ስቶፕ ሎስ ሲነካ ወደ ተራ የገበያ ትእዛዝ ይለወጣል፤ በተገኘው ዋጋ ይዘጋል። ዋጋው በፍጥነት እየወረደ ከሆነ የተገኘው ዋጋ ከጠየቃችሁት በታች ነው። ግባችሁ ላይ ግን ትእዛዙ ዋጋ የተቆረጠለት ስለሆነ፣ ያን ያህል ተጨማሪ በተቃራኒው አይሰጣችሁም። የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ሪፖርት የሚወጣበትን ዓርብ የቀመሰ ያውቀዋል። የባሰው ደግሞ ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ታየ፤ የስዊስ ማዕከላዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ያደርግ የነበረውን ገደብ ድንገት ሲያነሳ፣ ስቶፕ ያስቀመጡ ሰዎች ካሰቡት በብዙ መቶ ፒፕ ርቀት ተዘጋባቸው።

ኢንዲኬተር የሚከተል ሰው ይህ ባይሆንም ይንሸራተታል። ሲግናሉ የሚመጣው ዋጋው መሮጥ ከጀመረ በኋላ ነው፤ እሱም በሮጠበት አቅጣጫ ነው የሚገባው። ፍተሻው ካንድሉ በተዘጋበት ዋጋ እንደገባ ይቆጥርለታል። እውነተኛው ትእዛዝ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ያለው ሰርቨር ሲደርስ ዋጋው ከፊቱ ሄዷል። ታዲያ ቀድሞ ዋጋ ቆርጦ መጠበቅስ? ስሊፔጁን ይቀንሳል። ግን ዋጋው ወደ እናንተ ተመልሶ በናንተ ላይ ሲያልፍ ሁልጊዜ ይሞላል፣ በፈለጋችሁት አቅጣጫ ሳይመለስ ሲሮጥ ግን ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። ምርጦቹ ትሬዶች ያመለጧችሁ ይሆናሉ።

ፍተሻው ላይ ወጪው ገብቷል ወይ የሚለውን ማየት ደቂቃ አይፈጅም። በድሮው ሜታትሬደር 4 የፍተሻ መስኮት Spread የሚል ሳጥን አለ፤ Current ላይ ከተዋችሁት በዚያች ቅጽበት ያለውን ስፕሬድ ለሁሉም ወራት ይጠቀማል። ቅዳሜ ብትፈትሹት የዓርብ መዝጊያውን ነው። ቁጥር ስታስገቡ ሳጥኑ የሚቆጥረው በፖይንት መሆኑን አትርሱ፤ አምስት ዲጂት ላይ 10 ፖይንት አንድ ፒፕ ነው። እኔ የማደርገው ቁጥሩን ከሚጠበቀው እጥፍ አድርጌ ደግሞ መፈተሽ ነው። በዚያች ትንሽ ጭማሪ ግራፉ ቁልቁል ከዞረ፣ ያ ስትራቴጂ መጀመሪያም የሚቆመው በፀጉር ስንጥቅ ላይ ነበር።

ከዚያ በትንሹ ሎት፣ በ0.01፣ ሃምሳ ያህል እውነተኛ ትሬዶች ሥሩ። ዴሞ አካውንት ለዚህ አይረዳም፤ እዚያ ትእዛዛችሁ እውነተኛ ገበያ ስለማይነካ ያለ ችግር ይሞላል። ሜታትሬደር 5 ታሪክ ውስጥ በስቶፕ የተዘጋ ትሬድ አስተያየቱ ላይ `[sl 1.08450]` ዓይነት ጽሑፍ አለው። አጠገቡ ካለው የተዘጋበት ዋጋ ጋር አስተያዩት። 1.08446 የሚል ከሆነ 0.4 ፒፕ ተንሸራቷል። የሁሉንም ደምራችሁ ለትሬዶቹ ብዛት ስታካፍሉ የመውጫ ስሊፔጃችሁ ይወጣል። መግቢያው ላይም ሲግናሉ የመጣበትን ዋጋ ከተሞላበት ጋር እንዲሁ አድርጉ። ያንን ከስፕሬዱና ከኮሚሽኑ ጋር ደምራችሁ ከላይ ባለው ቀመር C ቦታ ላይ ስትተኩት፣ ስንት ከመቶ ማሸነፍ እንደሚጠበቅባችሁ የሚነግራችሁ የራሳችሁ አካውንት ይሆናል።